ለጣራው የተሰጠ ገንዘብ ለጣራው ይዋል
(በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበሩ አስተዳዳሪያችን፣ ካህናት አባቶቻችን፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የበጀቱ ወረቀት በእጃችሁ አለ። እያንዳንዱን መስመር አነብባለሁ ብል እስከ ማታ እንቆያለን። ዛሬ የቆምኩት አንድ ነገር ልናገር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በኪራይ አዳራሽ ስንገለገል አብረን ወንበር የደረደርን ሁሉ ይህን ሕንፃ ስንገዛ ያለቀስነውን ታስታውሳላችሁ። በገባን በመጀመሪያው ክረምት ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። ማኅሌት ቆመን ውኃው ከበሮው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ዲያቆናቱ ባልዲ ይዘው ይሯሯጡ ነበር። የሕንፃ ሂሳብ የሚባለውን የከፈትነውም ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን አንዲት እናታችን ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ፖስታ ሰጡኝ። የሆቴል ክፍል የሚያጸዱ እናት ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት የመጡት ገንዘብ ሁሉም የሃያ ሃያ ዶላር ነበር፤ ፖስታው ላይ በራሳቸው እጅ «ለጣራው» ብለው ጽፈዋል። ደረሰኝ ልቁረጥልዎ ስላቸው «አይ ልጄ፣ ጣራውን ሳየው ይበቃኛል» አሉኝ። ባለፈው ፋሲካ እዚያ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ጣራው ተሠራ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ባልዲው አሁንም እዚያው ነው። መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም የእርሳቸው ገንዘብ ለመብራትና ለጋዝ ከተከፈለው ጋር መውጣቱን የማውቀው እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ሌባ የለብንም። ኦዲተሮቻችንም ይህንኑ ነው ያረጋገጡት። ችግሩ በጀቱን የምንሠራበት መንገድ ላይ ነው። መዝገባችን ላይ 400 አባላት አሉ። ወርኃዊ መዋጮው 50 ዶላር ስለሆነ በዓመት 240,000 ይገባል ብለን ጻፍን፤ የካህናቱን ደመወዝ፣ የባንኩን ዕዳና የኢንሹራንሱን ወጪ በዚያ ላይ አቆምን። የገባው 156,000 ነው። ከ400ው ብዙው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ሥራ ያጣ አለ፣ ለሦስት ወር ከፍሎ የቆመም አለ፤ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ አለ። ከጎደለው 84,000 ውስጥ ስእለቱና ሙዳየ ምጽዋቱ ካሰብነው በላይ ገብቶ 46,000ውን ሸፈነልን። የቀረው 38,000 ከሕንፃው ሂሳብ ወጣ።

የወጣውም በአንድ ቀን አይደለም። በጥምቀት፣ በፋሲካና በንግሣችን ሰሞን ሣጥኑ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ግማሻችን አገር ቤት እንሄዳለን፣ ሣጥኑም ይቀላል፤ ባንኩ ደግሞ ክረምት ነው ብሎ አይጠብቅም። «ለጊዜው ነው፣ በመስከረም እንመልሳለን» እየተባለ 6 ሺህም 8 ሺህም ሲወጣ ከረመ። በመስከረም አንድም ጊዜ አልተመለሰም። ሂሳቡ 71,000 ደርሶ ነበር፤ ዛሬ 33,000 ነው። ጣራውን ለመሥራት የተጠየቅነው 95,000 ነው።

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ለይቶ «ለዚህ ይዋል» ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ለሌላ ማዋል በዚህ አገር ሕግም የተከለከለ ነው። ግን ሕግ እስኪነግረን መጠበቅ ነበረብን? ለታቦት የተሳለውን ጃንጥላ ሽጦ ለመብራት የሚከፍል ማን አለ? ታዲያ በፖስታው ላይ የተጻፈውን ቃል ለምን አቃለልነው? ይህ ከእንግዲህ መደገም የለበትም!

ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት በጀት በመዝገቡ ስም ብዛት ሳይሆን ባለፈው ዓመት በገባው ልክ ተሠርቷል። ያነሰ ነው፤ የአዳራሹ ማስፋፊያና አዲሱ የድምፅ መሣሪያ ወጥተዋል። የምታዝኑ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የሕንፃው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚወጣ ሳንቲም ይህ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥበት አይወጣም። የወሰድነውንም በየወሩ 1,900 ዶላር እየመለስን በ20 ወር እንጨርሳለን።

ምጽዋትን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። እስከ ዛሬ በጀታችን ላይ የመጨረሻው መስመር ነበር፤ «ከተረፈ» ማለት ነው። ባለፈው ነሐሴ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ቤተሰብ ሲመጡ ሂሳቡ ባዶ ነበርና ጸሎት ብቻ ሰጥተን ሸኘናቸው። ከእንግዲህ ወር በገባ ቁጥር ከገቢው ከመቶ 5 ቀድሞ ለምጽዋት ይለያል፤ ከደመወዝም ከባንክም በፊት።

የውሳኔ ሐሳቡ ገጽ 4 ላይ ነው። የሕንፃው ሂሳብ እንዲለይ የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ፤ እናታችን ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፣ እርሳቸውም ይዩት።