«ወሰድኩ አለ» ሲባል ማን ወሰደ?

[ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከላይና ከታች ይታያሉ፦ «አበበ ገንዘቡን ወሰድኩ አለ።» «አበበ ገንዘቡን እንደወሰድኩ ተናገረ።»]

ተራኪ፦ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። ሁለቱም አበበ የተናገረውን ነገር ያወራሉ፤ በሁለቱም ውስጥ «ወሰድኩ» አለ። በመጀመሪያው ገንዘቡን የወሰደው ራሱ አበበ ነው። በሁለተኛው ግን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁ ሰው። በአንዱ አበበ ጥፋቱን አምኗል፤ በሌላው እኔን ወንጅሏል። የምስክር ቃል የሚጽፍ ሰው «አለ»ን ሳያስተውል በ«እንደ» ቢለውጠው፣ ጥፋቱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዞራል።

ቋንቋ ውስጥ ተናጋሪውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ሳናውቅ ማንን ወይም ምንን እንደሚያመለክቱ ልንናገር የማንችላቸው ቃላት አሉ። «እኔ»፣ «አንቺ»፣ «እዚህ»፣ «ነገ» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አማርኛ ደግሞ «እኔ»ን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይናገረውም፤ ግሱ ላይ ይለጥፈዋል። በ«እመጣለሁ» መነሻ ላይ ያለው «እ»፣ በ«ወሰድኩ» መጨረሻ ያለው «ኩ» ሁለቱም «እኔ» ናቸው። እነዚህን ጠቋሚዎች ብለን እንጥራቸው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን በ1970ዎቹ ባቀረበውና በ1989 በታተመው ሥራው ስለ ጠቋሚዎች አንድ ጠንካራ ሐሳብ አቅርቧል። «እኔ» ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የትም ቢገባ ዘወትር አሁን የሚናገረውን ሰው ብቻ ያመለክታል፤ ይህን ሊያዞር የሚችል ቃል የለም፤ ቢኖር ጭራቅ ነው አለ። ለእንግሊዝኛ ነገሩ የሚያስኬድ ይመስላል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ፊሊፕ ሽሌንከር ግን በ1999 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍና በ2003 ባሳተመው ጥናት ጭራቁ በእርግጥ መኖሩን ለማሳየት ሲነሳ ዋና ምስክር ያደረገው አማርኛን ነው። ምስክሩም «አለ» የሚለው፣ በየቀኑ የምንጠቀምበት ግስ ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ «ይሄ እኮ ጥቅስ ነው!»]

ተራኪ፦ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። «አበበ ‹ወሰድኩ› አለ» ስንል የአበበን ቃል እንዳለ ጠቀስን እንጂ ሌላ ምን አደረግን? በጥቅስ ውስጥ ማንኛውም ቋንቋ «እኔ»ን ለዋናው ተናጋሪ ይሰጣል። ስለዚህ ነገሩ ጥቅስ አለመሆኑን ማሳየት አለብን።

መጀመሪያ ጥያቄ እንጠይቅ። «አልማዝ ምን ገዛሁ አለች?» ጠያቂው ማን ነው? እኔ ነኝ፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። የገዛችው ግን አልማዝ ናት። ዓረፍተ ነገሩ ጥቅስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምን ገዛሁ?» የአልማዝ ጥያቄ መሆን ነበረበት፤ የገዛችው የጠፋባት ሴት ማለት ነው። ያም ትርጉም አለ፤ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚረዳው ያንን አይደለም። እዚህ ላይ «ምን» የእኔ ሲሆን «ገዛሁ» የእሷ ነው፤ የሁለት ሰዎች ድምፅ በአንድ ሐረግ ውስጥ ተቀላቅሏል። «እገዛዋለሁ ያለው ቤት ተሸጠ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ቤት» ከተነገረው ቃል ውጭ ቆሞ ሳለ «እገዛዋለሁ» ውስጥ ያለው «ዋ» ወደ እሱ ይጠቁማል። በጥቅስ ዙሪያ የተዘጋ አጥር ቢኖር እንዲህ ያለ ግንኙነት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ከሁሉም የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን የበር ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ «በሩ አልከፈትልኝ አለ።»]

ተራኪ፦ በር አይናገርም። ስለዚህ የምንጠቅሰው ንግግር የለም። ሆኖም ግሱን በትኑት። ስለ በሩ በሦስተኛ ሰው ብናወራ «አይከፈትም» እንላለን። «አልከፈት» ውስጥ ያለው «አል» ግን እንደ «አልሄድም»ና «አልቀመጥም» የአንደኛ ሰው ነው፤ በሩ «እኔ አልከፈትም» እንዳለ ተደርጎ ተነግሯል። አሁን መጨረሻውን ተመልከቱ። «ልኝ» ማለት «ለእኔ» ነው፤ ይህኛው «እኔ» ደግሞ በሩ ሳይሆን በሩ ፊት ቆሜ የምገፋው እኔ ነኝ። በአንድ ግስ ውስጥ ሁለት «እኔ»ዎች አሉ፤ የፊተኛው ወደ በሩ ዞሯል፣ የኋለኛው ከእኔ ጋር ቀርቷል። በሩ መናገር ቢችል እንኳ «አልከፈትልህም» ይለኝ ነበር እንጂ «አልከፈትልኝ» ሊለኝ አይችልም። ይህ ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ስለዚህ ጥቅስ ሊሆን አይችልም። «መኪናው አልነሳልኝ አለ»፣ «ሥራው አላልቅልኝ አለ» እያልን ዘወትር የምንናገረው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ማዞር ግዴታ አይደለም። አበበ እኔን ወንጅሎ ሳለ በመገረም «እኔ ሰረቅሁ አለ?» ብዬ ልጮህ እችላለሁ፤ ያኔ «ሰረቅሁ» ወደ ራሴ ይመለሳል። አድማጭ የሚለየው በድምፁና ቀደም ሲል በተወራው ነው። በጽሑፍ ላይ ድምፅ ስለሌለ፣ ጥርጣሬ በሚያስከትል ቦታ «እንደወሰድኩ» ወይም «እንደወሰደ» ማለት ይሻላል። በ«እንደ» ውስጥ ጠቋሚው አይዞርም፤ ሁልጊዜ ከሚያወራው ሰው ጋር ይቆያል። «ብሎ»፣ «ብላ»፣ «ሲል» ግን የ«አለ» ቤተሰብ ስለሆኑ ጠባያቸው እንደ «አለ» ነው፤ «እመጣለሁ ብሎ ነገረኝ» ሲባል የሚመጣው ነጋሪው ነው።

[ስክሪኑ ላይ የሳምንቱ ቀናት፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ]

ተራኪ፦ ጊዜ እንደ ሰው በቀላሉ አይዞርም። እህቴ ሰኞ ዕለት ደውላ «ነገ እመጣለሁ» አለች እንበል። ረቡዕ ላይ እናንተ ስትጠይቁኝ «ነገ እመጣለሁ አለች» ብዬ ብመልስላችሁ፣ መጪዋ እሷ መሆኗን አትጠራጠሩም፤ «ነገ»ን ግን ከረቡዕ ትቆጥሩና ሐሙስ ትጠብቋታላችሁ። «ሰኞ ደውላ ነገ እመጣለሁ አለች» ብዬ ብነግራችሁ ቆጠራው ከሰኞ ሊነሳ ይችላል፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። «በማግስቱ» ወይም «ማክሰኞ» ማለት ችግሩን ይፈታዋል። የግሱ ጊዜ ግን እዚያው ሰኞ ላይ ይቆያል፤ ማክሰኞ ካለፈ በኋላም «እመጣለሁ» የወደፊቱን ጊዜ መልክ እንደያዘ ይነገራል።

ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ከአውሪው ጋር ይጣበቃል። ቶሮንቶ የሚኖር ልጅ ጎንደር ላለች እናቱ ደውሎ «እዚህ በረዶ ጥሏል» ቢላት፣ ለጎረቤቷ ስታወራ «እዚያ በረዶ ጥሏል አለኝ» ትላለች። «እዚህ» ካለች ጎረቤቷ የጎንደርን ሰማይ ሊመስላት ይችላል።

አሁን ደግሞ ይኸው ልጅ ለእናቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አላት። ቶሮንቶ ውስጥ አብራው የምትኖረው ባለቤቱ ለጓደኛዋ ስታወራ «ለፋሲካ እሄዳለሁ አላት» ብትል ማንም አይገርመውም። ከቶሮንቶ ሲታይ ጎንደር የሚሄዱበት እንጂ የሚመጡበት አይደለምና «መጣ»ን በ«ሄደ» የተካችው እሷ ናት፤ ከራሷ ቦታ ሆና። መነሻው ላይ ያለው «እ» ግን የባሏ እንደሆነ ቀርቷል። እሱ «እሄዳለሁ» የሚል ቃል በዚያ ስልክ አልተናገረም።