ዋጋ በየሳምንቱ እጥፍ ሲሆን፦ ለቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ባለፈው ጉባኤያችን «ዋጋ ያናረውን ነጋዴ ማሰር ነው» ሲባል አዳራሹ በጭብጨባ ተናግቶ ነበር። ዛሬ ስለ ሃይፐርኢንፍሌሽን፣ ማለትም ዋጋ ከቁጥጥር ውጭ ስለሚንርበት ሁኔታ፣ ተናገር ስትሉኝ፣ ከዚያ ጭብጨባ ልጀምር።

አንድ ባለሱቅ ስኳር በኪሎ 100 ገዝቶ በ120 ይሸጣል እንበል። መቶ ኪሎ ሸጦ 12,000 ያገኛል። ትርፉ 2,000 ነው፣ ደህና ገበያ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋ በየሳምንቱ እጥፍ እየሆነ ነውና ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ሲመለስ ኪሎው 200 ገብቷል። በ12,000 የሚያገኘው 60 ኪሎ ብቻ ነው። እሱንም እንደ ልማዱ ሃያ በመቶ ጨምሮ በ240 ቢሸጠው 14,400 ይይዛል፤ ስኳሩ ግን 400 ደርሷል፤ የሚደርሰው 36 ኪሎ ነው። መዝገቡ ላይ አትራፊ ነው፤ መደርደሪያው ግን እየተራቆተ ነው። ስለዚህ የሚሸጠው በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚተካበት ዋጋ ነው። ነገ ስንት እንደሚገባ ካላወቀ ደግሞ ሱቁን ይዘጋል።

ዚምባብዌ ይህን ሰው ነው ጥፋተኛ ያደረገችው! ማዕከላዊ ባንኩ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት ገንዘብ እያተመ ሲሞላ፣ በእርሻው መፍረስ ምርት ሲያሽቆለቁል፣ መንግሥት በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ዋጋ በግማሽ ይቀነስ ብሎ አዘዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ታሰሩ፣ ተቀጡ። ሸማቹ ለጥቂት ቀናት በርካሽ ሸመተ፤ ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ማተሚያው ግን አልቆመም። ለየትኛው ነው ያጨበጨብነው?

ደመወዝተኛውስ? ደመወዙ ሲወሰን 800 ዳቦ የሚገዛ የነበረ መምህር፣ አራት ሳምንት ሠርቶ ሲከፈለው ዳቦው አራት ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ 400፣ 200፣ 100፣ በመጨረሻ 50 ዳቦ። በዚያ ላይ ደመወዙ የሚገባው ባንክ ነው፣ ባንኩም በቀን የሚወጣውን ገንዘብ ገድቧል። በ2008 እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የሚወጣው ገንዘብ ለአውቶብስ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ነበር። መምህራን መሄድ አቆሙ፣ አብዛኛው ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያ ዓመት ኅዳር ዋጋ በየቀኑ ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር።

እምነት ሲጠፋ ሰው ገንዘቡን እጁ ላይ ማሳደር ይፈራል፤ ባገኘበት ሰዓት በዘይት፣ በሳሙና፣ በነዳጅ ኩፖን ይለውጠዋል። ሁሉም ሲሯሯጥ ዋጋው ከኅትመቱም በላይ ይፈጥናል። በጥር 2009 እ.ኤ.አ. የ100 ትሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ኖት ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በአሜሪካ ዶላርና በደቡብ አፍሪካ ራንድ መገበያየት ጀመረች።

እኛ ቆጣቢዎች ነንና የቆጣቢውን ዕጣ ልንገራችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. አሮጌው ገንዘብ በይፋ ሲሰረዝ፣ በሒሳቡ እስከ 175 ኳድሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር የነበረው ሰው የተከፈለው አምስት የአሜሪካ ዶላር ነው።