ኪስ ያወጣውን ሳይሆን ማሳ የበላውን

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ የማኅበራት ሒሳብ ያዦች፣ የመስክ ባለሙያዎች፤

የተሰባሰብነው ስለ ወቅት ማጠቃለያው ቅጽ ልንነጋገር ነው። ቅጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በግራ በኩል የሰብሉ ስም፣ ቀጥሎ ለአንድ ሄክታር የወጣው ወጪ፣ ከአንድ ሄክታር የተገኘው ምርት፣ በመጨረሻም ትርፍ። የአንዱ ወቅት ከሌላው ጋር ሲደረደር የትኛው ሰብል እንዳዋጣ ያሳያል ይባላል። መርሐ ግብሩ ስለ ብዙ ነገር እንድናገር ይጠይቃል፤ ሌላውንም እነካካለሁ። የመጣሁት ግን ስለ አንዲት ዜሮ ነው፤ «የቤተሰብ ጉልበት» በሚለው መስመር ላይ በየወቅቱ እጃችን ሳይንቀጠቀጥ ስለምናሰፍራት ዜሮ።

አንድ ማሳያ እንያዝ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ ገንዘቡን በፈለጋችሁት ስም ጥሩት። አምስት ሄክታር መሬት አለ፤ ሦስቱ ላይ በቆሎ፣ ሁለቱ ላይ ቦሎቄ ተዘርቷል። በቆሎው በሄክታር 30 ኩንታል ሰጠ፣ ኩንታሉ በ18 ተሸጠ፤ ስለዚህ የአንድ ሄክታር ገቢ 540 ነው። ቦሎቄው በሄክታር 14 ኩንታል ሰጠ፣ ኩንታሉ በ32፤ ገቢው 448። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም። ገቢ በሚዛንና በደረሰኝ ይታያል፤ ስህተቱ ያለው ወጪው ጋ ነው።

ብዙዎቻችን ወጪውን የምንሞላው ወቅቱ ካለቀ በኋላ ደረሰኝ ሰብስበን ነው። እርሻው በሄክታር 50 ተከፍሎበታል። ማዳበሪያ 14 ከረጢት በ40 ሒሳብ ተገዝቷል፤ 560። ለ75 የቅጥር ቀናት በቀን 4 ተከፍሏል፤ 300። የበቆሎ ምርጥ ዘር በሄክታር 75 ተገዝቷል። የቦሎቄው ዘር ካለፈው ምርት የተቀመጠ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ ዜሮ ተብሏል። ማዳበሪያውና ቅጥሩ ለአምስቱ ሄክታር እኩል ይካፈላሉ። በዚህ አያያዝ በቆሎ በሄክታር 297 ወጥቶበት 243 አተረፈ፤ ቦሎቄ 222 ወጥቶበት 226 አተረፈ ይላል ወረቀቱ። በቆሎ አሸነፈ። በሚቀጥለው ወቅት ቦሎቄው ይቀነሳል፣ በቆሎው ይሰፋል።

አሁን በማሳው በኩል እንየው። ማሳው ደረሰኝ አያውቅም፤ የሚያውቀው የበላውን ብቻ ነው። ከ14ቱ ከረጢት 9ኙ በበቆሎው ላይ ተበተኑ፣ 2ቱ በቦሎቄው ላይ፣ 3ቱ ደግሞ ጎተራ ውስጥ ተደርድረው አሉ። ስለዚህ በቆሎ በሄክታር የ120 ማዳበሪያ ሲበላ ቦሎቄ የበላው የ40 ነው፤ እኩል ማካፈሉ ለሁለቱም 112 ጽፎላቸው ነበር። ቦሎቄው በሄክታር ያልበላውን የ72 ማዳበሪያ ተሸክሟል ማለት ነው። የቦሎቄው ዘርም ዜሮ አይደለም። በሄክታር 90 ኪሎ ተዘርቷል፤ ያ ዘር ባይዘራ ኖሮ በዘሩ ሰሞን ዋጋ ኪሎው በ1 ይሸጥ ነበር፣ ስለዚህ 90 ይጻፋል። ቅጥሩ እንኳ በአጋጣሚ እኩል ነው፤ 45 ቀን በሦስቱ ሄክታር በቆሎ፣ 30 ቀን በሁለቱ ሄክታር ቦሎቄ፤ ለሁለቱም በሄክታር 60። ይህ ሲታረም በቆሎ 305 ወጥቶበት 235 አተረፈ፣ ቦሎቄ 240 ወጥቶበት 208።

አሁንም በቆሎ ቀዳሚ ነው። እዚህ ላይ ብዙው ሒሳብ ያዥ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ቅጹ ንጹሕ ነው፣ ደረሰኙ ተሟልቷል፣ ፊርማው አለ።

የቤተሰቡስ ቀን? በቆሎው ሁለት ጊዜ ታርሟል፣ አፈር ታቅፎለታል፣ ተሰብስቦ ከሽፋኑ ተላቅቆ በእጅ ተፈልፍሏል። ለዚህ ሁሉ ከቅጥሩ ሌላ 90 የቤተሰብ ቀን ሄዷል፤ በሄክታር 30። ቦሎቄው አንድ ጊዜ ታርሞ፣ ተነቅሎ፣ ተወቅቷል፤ 30 የቤተሰብ ቀን፣ በሄክታር 15። አንድ ሰው ከጎናቸው ለዚያው ሥራ ተቀጥሮ በቀን 4 ሲከፈለው፣ ያው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ያረመችው እናት ዜሮ ትጻፋለች! አረሙ የቱን ደመወዝተኛ እንደነቀለው፣ የቱን እናት እንደነቀለችው ይለያል እንዴ? በ4 ሒሳብ ሲጻፍ በቆሎው ላይ በሄክታር 120፣ ቦሎቄው ላይ 60 ይጨመራል። በቆሎ 425 ወጥቶበት 115 አተረፈ። ቦሎቄ 300 ወጥቶበት 148 አተረፈ። ደረጃው ተገለበጠ። የገለበጠው ዝናብ አይደለም፣ ገበያም አይደለም፤ ያቺ ዜሮ ናት።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በየስብሰባው ሰምተነዋል። «ቤተሰቡ ሌላ ሥራ የለውም፣ ስለዚህ ቀኑ 4 አያወጣም» ይባላል። ተቃውሞው መሠረት አለው። በአረም ሰሞን ሰው ሲጠፋ ቀኑ 4 ያወጣል፤ ሥራ በማይኖርበት ወር ደግሞ 4 የሚከፍል የለም። ስለዚህ ዋጋውን በየሰሞኑ ለይቶ መጻፍ ይሻላል። ዋጋ መተመኑ ካጨቃጨቀን ደግሞ ጥያቄውን እንገልብጠው፤ አንድ የቤተሰብ ቀን ስንት ያስገኛል እንበል። የቤተሰቡን ጉልበት ሳንቆጥር በቆሎው በሦስቱ ሄክታር 705 አስቀርቷል፤ ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 7.8 ገደማ። ቦሎቄው በሁለቱ ሄክታር 416 አስቀርቷል፤ ለ30 ቀን ሲካፈል 13.9 ገደማ። መሬት የጠበበውና ጉልበት የተረፈው ቤት በሄክታር 235ቱን አይቶ በቆሎን ቢመርጥ አልነቅፈውም። ጉልበት ያጠረው ቤት ግን ወደ ቦሎቄው ያደላል። ሁለቱም በዕውቀት የሚመርጡት ቀኑ ከተጻፈ ብቻ ነው። ዋጋው ላይ ተከራከሩ፤ ቀኑን ግን ጻፉ! በገንዘብ ያልተተመነ ቀን ኋላ ሊተመን ይችላል፤ ያልተጻፈ ቀን ግን ከየትም አይመጣም።

የሚጻፈውም ዕለቱን ነው። ወቅቱ ካለቀ በኋላ «ስንት ቀን አረማችሁ?» ተብሎ የሚሞላው ድፍን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ 10፣ 20፣ 30። ሁሉም ቁጥር በዜሮ ወይም በአምስት ሲያልቅ ካያችሁ ከትዝታ የተሞላ መሆኑን እወቁ። ለዕለቱ መዝገብ አንድ መስመር ይበቃል፤ ቀን፣ የማሳው ቁጥር፣ ሥራው፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ የተከፈለበት ወይም ያልተከፈለበት፣ የገባው ግብዓት በኪሎ። ግማሽ ቀን የሠራ ግማሽ ይጻፍለት። ጠዋት በቆሎ፣ ከሰዓት ቦሎቄ ከተሠራ ሁለት መስመር ይሆናል። የሰብል ስም ብቻ አይበቃም፣ የማሳው ቁጥር ይቅደም፤ በሚቀጥለው ወቅት በዚያ ማሳ ላይ ሌላ ሰብል ይኖራልና።

መዝገቡ ልክ መሆኑን ማጣራትም ይቻላል። በማሳያው ከኪስ የወጣው 1335 ነው፤ ማሳዎቹ የበሉት ግን ሲደመር 1875። ልዩነቱ 540 በስም መጠራት አለበት፤ 480 የቤተሰብ ጉልበት፣ 180 ከቤት የወጣ ዘር፣ ከዚያ ላይ ጎተራ የቀሩት ሦስት ከረጢቶች 120 ሲቀነስ፣ 540። ልዩነቱ እንዲህ ካልተዘረዘረ የሆነ ወጪ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አለዚያም ጠፍቷል። ሦስቱ ከረጢቶች በሚቀጥለው ወቅት በተበተኑበት ማሳ ላይ በተገዙበት ዋጋ ይጻፋሉ። ለዕቅድ ሲሆን ግን የዕለቱን ገበያ ዋጋ ያዙ፤ ሲያልቁ የምትተኩት በአዲሱ ዋጋ ነው።

ወደ ሁለተኛው ወቅት ልለፍ፤ እዚህ ያለው ስህተት ከዜሮዋ ያነሰ ቢመስልም ያስቃል። ዝናቡ ቀድሞ ቆመና ከሦስቱ ሄክታር በቆሎ አንዱ ሳያፈራ ቀረ። ከሁለቱ 54 ኩንታል ተሰበሰበ። ወጪው በጠቅላላው 1230 ነበር። አንዱ ጸሐፊ ምርቱን ለተሰበሰበው ሁለት ሄክታር አካፈለና 27 ኩንታል አለ፤ ወጪውን ደግሞ ለተዘራው ሦስት ሄክታር አካፈለና 410 አለ። ኩንታሉ በ26 ስለተሸጠ ገቢው 702፣ ትርፉ 292 ሆነ። ማሳው የደረቀበት ሰው ካለፈው ወቅት ይልቅ አተረፈ ማለት ነው! ልኩ ሁለቱንም ለተዘራው ማካፈል ነው፤ ምርቱ በሄክታር 18 ኩንታል፣ ገቢው 468፣ ትርፉ 58። የደረቀው ሄክታር ዘርና ማዳበሪያ በልቷል፤ ከቅጹ ልንሰርዘው አንችልም። የአንድ ኩንታል ወጪም ከዚሁ ይታያል፤ 410 ለ18 ሲካፈል 22.8 ገደማ ነው፤ በመጀመሪያው ወቅት 14.2 ገደማ ነበር። ከኪሳራ ያዳነው የዋጋው መወደድ ነው፣ ማሳው አይደለም። ትርፉን ብቻ የሚያነብ ይህን አያይም።

የቀሩትን ባጭሩ። መሬቱን በሜትር ለኩት። 120 በ75 ሜትር የሆነ ማሳ 9000 ካሬ ሜትር ነው፤ 0.9 ሄክታር። «አንድ ሄክታር» ተብሎ ከተጻፈ 27 ኩንታል የሰጠው ማሳ በሄክታር 27 እንደሰጠ ይቆጠራል፤ የሰጠው 30 ነው።

ምርቱ ሲመዘን እርጥበቱ ይጻፍ። 20 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 92 ኪሎ ያህል ነው። አንዱን ወቅት እርጥቡን፣ ሌላውን ደረቁን ከመዘናችሁ ንጽጽሩ ፈረሰ። ለቤት የቀረው እህልም በምርቱ ውስጥ ይግባ፤ የተሸጠው ብቻ ምርት አይባልም።

«ቀድሞ የነበረው ሰብል» የሚል ዓምድም ይጨመር። ከቦሎቄ በኋላ የተዘራ በቆሎ ከበቆሎ በኋላ ከተዘራው ጋር በአንድ ስም ከተደመረ ልዩነቱ ይሰወራል። ቦሎቄ ናይትሮጅን በማስያዝ ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች ደካማ ስለሆነ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ፤ ግን ይጻፍ።

ከሰዓት በኋላ ለውሳኔ የሚቀርበው ቅጽ በእጃችሁ አለ። በሦስተኛው ገጽ ላይ «የቤተሰብ ጉልበት» የሚለው መስመር ታትሞ ከጎኑ ዜሮ አስቀድሞ ገብቶበታል። ዜሮዋ ተሰርዛ በቦታው ሁለት ባዶ ዓምድ እንዲገባ፣ አንዱ ለቀናት፣ ሌላው ለሰሞኑ የቀን ዋጋ፣ ትርፉም ከቤተሰብ ጉልበት በፊትና በኋላ ተብሎ በሁለት መስመር እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ሲሰጥ እጃችሁን እጠብቃለሁ።