ደግ የመለያያ መልእክት፣ በተዋሱት ቋንቋ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። የጻፈችው ስቶክሆልም ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅ ናት፤ እንዳነበውም ፈቅዳልኛለች። የተጻፈለት አዲስ አበባ የሚኖረው ፍቅረኛዋ ነው። እሱ ስዊድንኛ አያውቅም፤ እሷ ደግሞ አማርኛን የተማረችው ከእናቷ ጓዳ ነው። የጓዳ አማርኛ አብዛኛው ትእዛዝ ነው፦ ነይ፣ ብዪ፣ ተዪ፣ አትንኪ። ልጅነቷን በዚህ ያሳለፈች ሴት ስትለያይም በትእዛዝ ብትለያይ አይገርምም።

ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ ግን አልፈልግህም። በቃኝ። አትደውልልኝ። ለጊዜው ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።»

ሰዋስዉን መምህር ቢያየው አንድም ስህተት አያገኝበትም። ፍቅረኛዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ «ምን በድያት ነው?» እያለ ያድራል።

ከ«አልፈልግህም» እንጀምር። እሷ ልትል የፈለገችው ግንኙነቱ ይብቃ ነው። በአማርኛ ግን የማይፈለገው ሰውየው ሲሆን ቃሉ «ከዓይኔ ጥፋ» ወደሚለው ይጠጋል። ማስተካከያው ትንሽ ነው፦ የማይፈለገው ነገር ከሰውየው ይነሳና ግንኙነቱ ላይ ይቀመጣል። «ግንኙነታችንን መቀጠል አልፈልግም።» ውሳኔው ያው ነው፤ ሰውየው ግን አልተጣለም። «በቃኝ»ም እንዲሁ ነው። «አበቃ» ለማለት አስባ ነበር፤ በመጨረሻ ያለችው «ኝ» ግን የተማረረ፣ እስከ አንገቱ የሞላበት ሰው ድምፅ አላት። በእርግጥ ተማርረሽ ከሆነ ጻፊው አልኳት። አልተማረረችም።

«አትደውልልኝ» የሚለውን «ከእንግዲህ ባንደዋወል ይሻላል» ብለን ለወጥነው። እዚህ ትእዛዙ ቀርቶ ሁለቱም የሚጠብቁት ነገር ሆነ። የሚያስፈራራ ወይም የሚያሳድድ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን «አትደውልልኝ» እንዳለ እንዲቆይ እመክራት ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው ለስላሳ ቃል ክፍተት ነው።

ከሁሉም በላይ የተከራከርነው ግን እሷ የምታለዝብ መስሏት በጨመረችው «ለጊዜው» ላይ ነው። እኛ አገር እምቢታ ራሱ «እስቲ እናያለን» ተብሎ ነው የሚነገር። ስለዚህ «ለጊዜው» ያነበበ ሰው ይጠብቃል፤ ወር ቆጥሮ ይደውላል፤ ያን ጊዜ የምትመልስለት መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከፋል። ወጣ። «እንለያይ» የሚለውንም ሞከረች። እሱ ደግሞ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ «አይ፣ አንለያይም» የሚል መልስ ይቀበላል። «ለመለያየት እያሰብኩ ነው» ካለችማ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም፤ ያልቆረጠ ሰው ይለመናላ! «ለመለያየት ወስኛለሁ» የሚለው ላይ ቆምን። ወሳኟ እሷ መሆኗም፣ ነገሩ ማለቁም በአንድ ቃል ተነግሯል።

አክብሮት ልጨምር ብላ «እርስዎ» ብዬ ልጻፍለት ወይ ስትለኝ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስዊድኖች እርስ በርስ አንቱ መባባልን ከተዉ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስለዚህ የአንቱታ መጠን አይገባትም። ትናንት «አንተ» ያለችውን ፍቅረኛ ዛሬ «እርስዎ» ብትለው ወይ ሽሙጥ ይመስለዋል ወይ ከባንክ የመጣ ደብዳቤ።

የቀረው «ጥሩ ሰው ነህ ግን» ነው። «ግን» ከመጣች በፊቷ ያለውን ምስጋና ማንም አያስታውሰውም። ደግሞም «ጥሩ ሰው» ለጎረቤትም ይባላል። ምን አድርጎልሽ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። እናቷ ታማ ሆስፒታል በነበረችበት ጊዜ ማታ ማታ እየደወለ ይጠይቃት እንደነበር ነገረችኝ። እሱን ጻፊ፤ «ግን»ን አውጥተሽ አራት ነጥብ አስቀምጪ አልኳት።

የተላከው ይህ ነው፦

«ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህን መልእክት መቀበል ቀላል እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። ግንኙነታችንን መቀጠል ስለማልፈልግ ለመለያየት ወስኛለሁ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። በርቀት መኖሩን አልቻልኩትም፤ ወደ አዲስ አበባም አልመጣም። እናቴ ታማ ሳለች ማታ ማታ እየደወልህ ስለጠየቅኸን ከልብ አመሰግንሃለሁ። ከእንግዲህ ባንደዋወል ለሁለታችንም ይሻላል።»

ሰላምታውን በጥያቄ አላደረግነውም፤ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቁ እንዲህ ያለውን ወሬ ማስከተል ያስቀይማል። ያለ ሰላምታ መጀመር ደግሞ የተኳረፈ ሰው ነው።

እሱም በማግስቱ መለሰ፤ ምን እንዳለ የእነሱ ነው። እኛን አሁን የያዘን የእናቱ ነገር ነው። «ልጄ» እያሉ በየበዓሉ ሲደውሉላት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው በጽሑፍ አይሆንም። በስልክ የምትላቸውን እያለማመድኋት ነው፤ «እርስዎ»ም እዚያ ቦታዋን አገኘች።