«በግል ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ፦ ደመወዝ ሲቀር ወይም ሥራው ሲያሰጋ ወዲያው መልቀቅ

ሁለት ወር ደመወዝ አልገባም። የምትሠሩበት ማሽንም ያስፈራል። በቃ ብላችሁ ወረቀት ታወጣላችሁ። ከዚያ ይሉኝታ ይይዛችሁና «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ይህች አንድ መስመር ብዙ ብር ታሳጣለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 32 ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። (የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የነሱ ነገር ሌላ ቪዲዮ ይፈልጋል።) ዛሬ ከዝርዝሩ ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ አለመወጣቱ ነው። ደመወዝ መክፈል ዋናው ግዴታ ነው። «በተደጋጋሚ» የምትለዋን ቃል ግን አትለፏት። ደመወዝ አንድ ጊዜ አሥር ቀን ስለዘገየ ብቻ ጥሎ መውጣት አያዋጣም።

ሁለተኛው ጤናን ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ፣ ደጃፍ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አደጋ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። አሠሪው አደጋውን አውቆ፣ እንዲያስወግድ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ዝም ማለቱ መታየት አለበት። ስለዚህ ከመልቀቂያው በፊት ሌላ ደብዳቤ መቅደም አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ለአራት ዓመት የሠራች፣ በወር 9,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ አለች እንበል። የጥርና የየካቲት ደመወዟ አልገባም። የጠረጴዛ መጋዙ መከለያ ተነቅሏል። መጋቢት 5 ቀን ችግሩን በጽሑፍ አሳወቀች፤ በ7 ቀን ውስጥ እንዲስተካከልም ጠየቀች። ቀኑ አለፈ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። መጋቢት 16 ቀን ይህን ጻፈች፦

[በስክሪኑ ላይ]
«ጉዳዩ፦ የሥራ ውሌን ያለ ማስጠንቀቂያ ስለማቋረጥ።
የጥርና የየካቲት ወር ደመወዜ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። የጠረጴዛ መጋዙ መከለያ መነቀሉን መጋቢት 5 ቀን በደብዳቤ አሳውቄ፣ በ7 ቀን ውስጥ እንዲስተካከል ጠይቄ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 መሠረት፣ ከዛሬ መጋቢት 16 ቀን ጀምሮ ውሌን አቋርጫለሁ። ቀሪ ክፍያዬና የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

የሌለውን ልብ በሉ። «ሌቦች ናችሁ» የለም። «ሆን ብላችሁ ልታስቆርጡኝ ነበር» የለም። «አልከፍልም አላችሁኝ» እንኳ የለም። «አልተከፈለኝም» የሚለው በባንክ ስቴትመንት ይረጋገጣል፤ «አልከፍልም አሉኝ» ግን ምስክር ይፈልጋል። ስድቡማ ቢያረካም በኋላ በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል።

ሁለቱም ምክንያቶች ለየብቻ መጻፋቸው ከብር ጋር ይያያዛል። በአንቀጽ 32 ሥር ባሉት በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የለቀቀ ሠራተኛ የ30 ቀን ደመወዝ ካሣ ያገኛል፤ ለእሷ 9,000 ብር ነው። የስንብት ክፍያ ግን የራሱ ዝርዝር አለው። አሠሪው ያወቀውን አደጋ አለማስወገዱ እዚያ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ የደመወዝ መቅረት ግን በስሙ አልተጠቀሰም። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ነው። ለአራት ዓመት 18,000 ብር ይመጣል። ስለ ደመወዙ ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ይህ ብር ክርክር ውስጥ ይገባ ነበር። የሁለት ወሩ ውዝፍ ደግሞ ለብቻው ነው።

ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻለችስ? ያለ ማስጠንቀቂያ እንደጠፋች ይቆጠራል። ያኔ እሷ ናት ለአሠሪው ካሣ የምትከፍለው፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝ፣ ያውም ከቀሪ ክፍያዋ ላይ ተቆርጦ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን ገቢ አድርጋችሁ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩት፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ክሊራንስ ስትጨርሱ ደግሞ ቅጹን አንብቡ። «የለቀቀበት ምክንያት፦ በራስ ፈቃድ» ወይም «ምንም ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚል መስመር ካለ ሰርዙት ወይም አትፈርሙ። በጥንቃቄ የጻፋችሁትን ደብዳቤ ያቺ መስመር ታፈርሰዋለች።

ቀኑንም ቁጠሩ። ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከተወገደ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቀራል። አሠሪው ቀሪ ክፍያችሁን ከለቀቃችሁ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ነው፤ ሠራተኛ ዳኝነት አይከፍልም። የደመወዝ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። የጥር ወሩ ደመወዝ ጥር 30 መከፈል ከነበረበት፣ ክሱ ከሐምሌ 30 በፊት መግባት አለበት።