«ተዘጋጁ» «ለምኑ?»

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

አስተማሪያችሁ ነበርኩና ጠባዬን ታውቁታላችሁ። ዛሬም የመጣሁት በአንድ ማስታወቂያ ተናድጄ ነው። በራችን አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ የተለጠፈው እንዲህ ይላል፦

«በመስመር እድሳት ምክንያት ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ቀኑ 11፡00 ሰዓት የውሃ ስርጭት የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ቅድመ ዝግጅት እንድታደርጉ በአክብሮት እናሳስባለን።»

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ታዲያ ምን ይላል?» አሏት። «ተዘጋጁ ይላል» አለች። «ለምኑ?» ልጅቷ ዝም አለች። ሐሙስ ሊጡ ቡክት ብሎ ቀረ፤ የሚያቀጥኑበት ውሃ አልነበረም።

እኒህ እናት ነው ያልገባቸው? አይደለም! ጸሐፊው ነው ያላስገባው!

ዓረፍተ ነገሩን እዩት። ማሰሪያው «እናሳስባለን» ነው። ዋናው ወሬ፣ የውሃው መጥፋት፣ «በመሆኑ» ውስጥ ተሸጉጧል። ስለዚህ ወደ ተራ አነጋገር ስታመጡት ቃል መለወጥ ብቻ አይበቃም። የተሸጎጠውን አውጥታችሁ በራሱ ማሰሪያ አቁሙት፦

«ሐሙስ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ውሃ ይጠፋል። ቧንቧ ስለምንጠግን ነው። ረቡዕ ማታ ቀድታችሁ አስቀምጡ።»

«ስርጭት ይቋረጣል» «ውሃ ይጠፋል» ሆነ። «እድሳት» «እንጠግናለን» ሲሆን ማን እንደሚሠራው ታወቀ። «ቅድመ ዝግጅት ማድረግ» ደግሞ «መቅዳት» ሆነ፤ እጅ የሚሠራው ነገር ማለት ነው። «ማድረግ»፣ «መፈጸም»፣ «ማካሄድ» ባያችሁ ቁጥር ከፊቱ ያለው ስም ውስጥ ግስ ተደብቆ እንደሆነ ፈትሹ። «ክፍያ መፈጸም» መክፈል ነው።

አንድ አለቃ «ቃሉ ከወረደ ክብር ይወርዳል» ብሎኛል። ክብር ያለው «እርስዎ» ላይ ነው! ለእኒያ እናት ብቻዬን ብናገር «ይቅዱ» እላለሁ እንጂ «ቅጂ» አልልም። ቃሉ ቀለለ፤ አንቱታው ግን የት ሄደ?

ከተራ አነጋገር ወደ ደብዳቤ ቋንቋ ሽቅብ ስትወጡም እንዲሁ ነው። ጎረቤት «ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆነው፣ ኧረ ምን ይሻላል?» ቢላችሁ፣ በማመልከቻ «በሰፈራችን ውሃ ከተቋረጠ አንድ ሳምንት ስለሆነው እንዲጠገንልን እንጠይቃለን» ትላላችሁ። «ኧረ ምን ይሻላል» «እንጠይቃለን» ሆነ። እዚህ «ተቋረጠ» ቦታው ነው፤ ያቋረጠ ወገን እንዳለ ይናገራልና። «እንዲጠገንልን» ግን «ጥገና እንዲደረግልን» አይሁን።

ሰኞ ሥራ ትጀምራላችሁ። መጀመሪያ የምትጽፉትን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ስምንተኛ ክፍል ልጅ አስነብቡና «ምን ይላል?» በሏት።

አመሰግናለሁ።