የመጨረሻው አሥር ሺህ ብር ስንት ቦርሳ ሸጠ?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የማወራችሁ ስለ 20,000 ብር ነው።

እህቴ የቆዳ ቦርሳ እየሠራች ትሸጣለች። ማስታወቂያውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ቴሌግራም ላይ በወር 30,000 ብር እናወጣለን፤ ለቻናል ባለቤቶች እየከፈልን ፖስት እናስደርጋለን። ፌስቡክ ላይ ደግሞ 40,000። በቀደም ደውላ «20,000 ብር አለኝ፣ ማስታወቂያ ላይ ጨምረው» አለችኝ።

«የቱ ላይ?»

«ቴሌግራም ነዋ! ርካሹ እሱ አይደል እንዴ?»

ደብተሩም እንደሷ ነው የሚለው። ቴሌግራም በወር 60 ቦርሳ ያሸጣል፤ ለአንዱ 500 ብር ወጣ ማለት ነው። ፌስቡክ 50 ቦርሳ፤ ለአንዱ 800። እኔም እሺ ልላት ነበር።

ግን 500 ብር አማካይ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ቀጣዩ ቦርሳ ስንት እንደሚፈጅ ነው። ስለዚህ የድሮ ገጾችን ገለጥኩ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የፋሲካ ወር ላይ ነበር፤ ያኔ ወጪም ሽያጭም አብረው ዘለዋል። እሱን ዘለልኩት። በበዓል ሰሞን ሰው ያለ ማስታወቂያም ይገዛል፣ ገበያውን ያመጣው ብራችን ይሁን በዓሉ መለየት አይቻልም። በዓል የሌለባቸውን ወራት ብቻ አነጻጸርኩ።

ቴሌግራም ላይ 20,000 ስናወጣ 54 ቦርሳ ሸጠናል። 30,000 ስናደርገው 60። ተጨማሪው 10,000 ያመጣው ስድስት ቦርሳ ነው! ለአንዱ 1,667 ብር ገደማ። ፌስቡክ ደግሞ ከ30,000 ወደ 40,000 ሲያድግ ሽያጩ ከ40 ወደ 50 ሄዷል። ለአንዱ 1,000 ብር። በአማካይ ውድ የነበረው፣ ጭማሪው ላይ ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የምንከፍላቸው ቻናሎች ያው ናቸው፣ አባሎቻቸውም ያው። ሊገዛ የነበረው በመጀመሪያዎቹ ፖስቶች ገዝቷል፤ ለቀሪው ሰው ያንኑ ቦርሳ አምስቴ ብታሳዩት ያው ነው። ፌስቡክም ከዚህ አያመልጥም። እዚያ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየ Frequency የሚለው ቁጥር ይነግራችኋል። ብር ጨምራችሁ እሱ ብቻ ከወጣ፣ አዲስ ሰው ጋ አልደረሳችሁም ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡ። የማስታወቂያ ወጪ ሳይነሳ፣ ከአንድ ቦርሳ የምናተርፈው 1,400 ብር ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ቦርሳ ከ1,400 በላይ ከፈጀ ኪሳራ ነው። እኔ አንድ ቀላል ግምት ወሰድኩ፦ ወጪው በእጥፍ ሲያድግ ቀጣዩን ቦርሳ ለመሸጥ የሚፈጀው ብርም በእጥፍ ያድጋል። የቅድሙ 1,000 ብር ከ30,000 እስከ 40,000 ያለው አማካይ ነበር፤ በዚህ ግምት ከሄድን ፌስቡክ ላይ ቀጣዩ ቦርሳ 40,000 ላይ ወደ 1,150 ብር ይፈጃል፤ 1,400 የሚደርሰው 49,000 አካባቢ ነው። ቴሌግራም ግን 1,400ን ገና 21,000 ላይ አልፎታል።

20,000ውን ቴሌግራም ላይ ብንጨምር ስምንት ቦርሳ እንኳ አይሞላም። ከ9,000 ብር በላይ እናጣለን። ሁሉንም ፌስቡክ ላይ ብናደርገው 14 ቦርሳ ገደማ ይመጣል፤ ያወጣነውን መልሰን እጃችንን አራግፈን እንነሳለን።

እና ምን አደረግን? ከቴሌግራም 9,000 አንስተን ፌስቡክ ላይ አደረግን። ድምሩ ያው 70,000 ነው። ሒሳቡ በዚህ ለውጥ የሚሰጠን ሁለት ቦርሳ ቢሆን ነው፤ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። ትልቁ ትርፍ ያልወጣው 20,000 ነው።

እህቴ ግን ነገረኛ ናት። «በሁለት ሁለት ቁጥር ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ያወቅከው?» አለችኝ። ልክ ናት። በሁለት ነጥብ መካከል የፈለጋችሁትን መስመር ማስመር ትችላላችሁ። ደግሞ ሰዉ የት እንዳየን የምናውቀው ሲደውል ጠይቀን ነው፤ ቴሌግራም ላይ አይቶን ፌስቡክ ላይ ሲያገኘን የሚደውልም አለ። ቴሌግራምን ስንቀንስ የፌስቡኩም ሽያጭ ከወረደ፣ ሁለቱ ይደጋገፉ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ሒሳቤ ይፈርሳል።

ለዚህ ብለን አንድ ወር ቴሌግራምን 15,000 አድርገን፣ ፌስቡክን ሳንነካ ልናይ ነው። በዓል የሌለበት ወር መርጠናል። ዋጋም አንቀይርም፣ አዲስ ሞዴልም አናወጣም። ሦስተኛ ነጥብ ይኖረናል።

20,000ው? ቆዳ ገዛችበት። ቡኒው አልቆ ነበር።